«ማሬ» ከማለታችሁ በፊት

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ የአትክልት ቦታ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተናገርኩት ነው። እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት። ነፋስ የበላውን ብቻ ሞልቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? በዚህ ሰዓት ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሳ ድምፄን ይዞት ይሄዳል። ካልተሰማችሁ እጅ አውጡ፣ እደግመዋለሁ።

ከአንዲት ልጅ ጋር መጻጻፍ ጀምረሃል እንበል። ወይም አንቺ ከአንድ ልጅ ጋር። እስካሁን ወሬው ስለ ሥራ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለተገናኛችሁበት ሠርግ ነው። አሁን ልታሞቀው አስበሃል። ስሟ ላይ «ዬ» ልትጨምር ነው። «ናፈቅሽኝ» ልትል ነው። ድፍረቱ ካለህም «ማሬ»። ጣትህ መላኪያው ላይ ነው። እሷ ግን ምን እያሰበች እንደሆነ አታውቅም።

ጥቂት ፍንጭ ግን እዚያው ስልክህ ውስጥ አለ። ምን ያህል ቶሎ ትመልሳለች? ምን ያህል ትጽፋለች? መልሳስ ትጠይቃለች? ዛሬ የማወራው ስለነዚህ ሦስት ነገሮች ብቻ ነው።

ሥራዬ ተማሪዎችን ማማከር ነው። ሰው ሲሰማ ስለ ፈተናና ስለ ጭንቀት ብቻ የማወራ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ስልክ ነው የሚዘረጋልኝ። «ቲቸር፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ። ምን ማለቷ ነው?» ይባላል። አነባለሁ። ባለቤቴ «የሰው ቻት አንባቢ ሆነህ ቀረህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። የኤስኤምኤስ ዘመን ነው። ያኔ በፊደላችን ስትጽፉ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ነበር። በእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ 160። ስለዚህ ፍቅር ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የሚጻፈው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሦስት ቀን ሙሉ በደቂቃ ውስጥ መለሰችልኝ። በቃ፣ ልቤ ቀለጠ። በአራተኛው ቀን ማታ ሦስት መልእክት የፈጀ የፍቅር ቃል ላክሁላት። መልሱ አሁንም በደቂቃ ውስጥ ገባ። «እሺ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ» ይላል።

ልጅቷ ፈጣን ነበረች። ለኔ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ሰው ፈጣን ነበረች። በኋላ ያን የሦስት ቀን ወሬ መለስ ብዬ ሳየው አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። እኔ ስጠይቅ ትመልሳለች፣ እኔ ዝም ስል ትተኛለች። ፊት ለፊቴ የነበረውን አላየሁትም፤ ሰዓት ስቆጥር ነበር።

ከሦስቱ ምልክቶች አብዝተን የምናምነው ፍጥነትን ነው። በጣም የሚያሳስተውም እሱ ነው። ለምን እንደሆነ ከዚሁ ከከተማችን እንየው።

ቴሌግራም ላይ አንድ ራይት ስታዩ መልእክቱ ከእናንተ ስልክ ወጥቶ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። እሷ ስልክ ላይ መድረሱን አይናገርም። ዳታዋ አልቆ ሊሆን ይችላል። ሁለት ራይት ማለት ተከፍቷል ማለት ነው። ዋትስአፕ ላይ ደግሞ ሁለቱ ግራጫ ራይቶች ስልኳ ላይ ደርሷል ማለት ናቸው፣ ሰማያዊ ሲሆኑ ነው የተነበበው። ሁለቱን መተግበሪያ የሚያምታታ ሰው በአንድ ራይት ተናድዶ ያድራል። ደግሞ ቴሌግራሙን ሳትከፍት ከላይ በሚወርደው ማሳወቂያ አንብባው ሊሆን ይችላል። ያኔ አንብባም አንድ ራይት ነው። እዚያ ላይ `last seen recently` የሚለውን ይዛችሁ አትጨነቁ። ሰዓቷን ደብቃለች፣ ወይም እናንተ የራሳችሁን ደብቃችኋል ማለት ነው እንጂ፣ «ሪሰንትሊ» የሚባለው ከአንድ ሰከንድ እስከ ሁለት ሦስት ቀን ድረስ ያለውን ሁሉ ይይዛል።

መብራት መጥፋቱን፣ የዕለት ጥቅል ማለቁን አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የነበረውንም ታስታውሳላችሁ። የሚመልሰው ልቡ የፈቀደ ሳይሆን ዋይፋይ ያገኘ ነበር። ያኔ «አልመለሰችም» የሚለው ነገር ስለ ልጅቷ ምንም አይናገርም። ዛሬም ቢሆን ፍጥነት ከልብ በፊት የሚናገረው ስለ ሥራ፣ ስለ ኔትወርክና ስለ ልማድ ነው።

እና ፍጥነት ምንም አይጠቅምም ወይ? ይጠቅማል። ግን ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሷ ጋር ነው የሚነጻጸረው። እንዴት እንደሆነ በአንድ ልጅ ላሳያችሁ። እንድናገር ፈቅዶልኛል፣ ማንነቱን የሚያሳይ ነገርም ቀይሬአለሁ።

ልጁ የመንገድ ቀያሽ ነው። ጥር ላይ ሠርግ ቤት አንዲት ነርስ ተዋወቀ። ስልክ ተለዋወጡ። አንድ ሳምንት ተጻጻፉ። ከዚያ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «ቲቸር፣ ቀዝቅዛለች። ትናንት 14 ሰዓት ቆይታ ነው የመለሰችው» አለኝ። የሳምንቱን ወሬ ከፈትነው። ዘጠኝ ጊዜ መልሳለታለች። የቆየችበትን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደረደርነው። ሁለት ደቂቃ፣ አራት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ አርባ ደቂቃ። ከዚያ ሦስት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት፣ አሥራ አራት ሰዓት።

እሱ በጭንቅላቱ የያዘው አማካዩን ነው። ሁሉንም ደምራችሁ ለዘጠኝ ስታካፍሉት ከሁለት ሰዓት ተኩል ይበልጣል። አንድ ረጅም ሌሊት ሳምንቱን በሙሉ አበላሸበት። አማካዩን ተዉትና መካከለኛውን ውሰዱ። ከዘጠኙ መሀል ላይ ያለው አምስተኛው ነው፣ 12 ደቂቃ። ይቺ ልጅ ስትችል በሩብ ሰዓት ውስጥ የምትመልስ ልጅ ናት። ሦስቱን ረጃጅም ደግሞ ከቀኑ ጋር አስተያየናቸው። ሁለቱ ቀን ገቢ የነበረችባቸው ናቸው፣ አንዱ የሌሊት ተረኛ የነበረችበት። እሱ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ላከ፣ እሷ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መለሰች። ሌሊቱን ክፍሏ ውስጥ በሽተኛ ስታገላብጥ ነው ያደረችው።

ስለዚህ ፍጥነትን እንዲህ ተጠቀሙበት። ቢያንስ ስምንት ዘጠኝ መልስ ይኑራችሁ። ከዚያ በታች ከሆነ አትቁጠሩ፣ ምንም አታገኙበትም። ሥራ ላይ የነበረችበትን፣ ሌሊቱንና መብራት የጠፋበትን አውጡ። የቀረውን መካከለኛ ያዙ። ከዚያ በኋላ የሚያሳስባችሁ ይህ ቁጥር ሲለወጥ ብቻ ነው። የ12 ደቂቃ ሰው ያለ ሥራና ያለ ምክንያት ሁለት ሦስት ቀን ተከታትሎ የአምስት ሰዓት ሰው ከሆነ፣ እሱ ወሬ አለው። ከመጀመሪያውም የአምስት ሰዓት ሰው የሆነ ግን የአምስት ሰዓት ሰው ነው። እናቱንም እንደዚያው ነው የሚያስጠብቃት።

ርዝመቱን ቶሎ ልለፈው። ርዝመት ሲለካም በእሷ ልክና በእናንተ ልክ ነው። በዚያ ሳምንት ቀያሹ በጠቅላላው 210 ቃል ጻፈ፣ እሷ 165። እሱ አሥር ሲጽፍ እሷ ስምንት ያህል ማለት ነው። ይህ ጥሩ ነው። እሱ አሥር ሲጽፍ እሷ ሁለት ብትጽፍ ግን ወሬውን ብቻውን ተሸክሞታል። መቁጠር ከሰለቻችሁ ስልኩን ከዐይናችሁ ራቅ አድርጋችሁ ስክሪኑን እዩት። አንደኛው ጎን ግድግዳ፣ ሌላኛው ጎን ጠጠር ከሆነ ገባችሁ።

ሁለት ነገር ያምታታል። አንደኛው፣ ዓረፍተ ነገሩን ቆራርጣ በአምስት መልእክት የምትልክ ልጅ አለች። «ዛሬ»፣ «ምን ሆነ»፣ «መሰለህ» ትላለች። መልእክቱን ሳይሆን ተራውን ቁጠሩ። አንድ ተራ ማለት እናንተ እስክትመልሱ ድረስ የላከችው ሁሉ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ነው። የ40 ሰከንድ የድምፅ መልእክት ብትጽፉት ብዙ መስመር ነው። «ሁለት ቃል ብቻ ጽፋ ድምፅ ላከችብኝ» ብሎ ያዘነ ተማሪ አጋጥሞኛል። ልጄ፣ ድምፁን ስማው እንጂ!

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጥያቄ።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ጥያቄ ሞልቶናል። ሰላምታችን ሁሉ ጥያቄ ነው። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ቤተሰብ እንዴት ነው? ሥራ እንዴት ነው?» ይህን ሁሉ የምንለው ለማናውቀው ሰውም ነው። ስለዚህ የሰላምታውን ጥያቄ አትቁጠሩት። «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» የሚለውንም አትቁጠሩት። ምላስ ላይ ያለ ነገር ነው፣ አሳቢ አያስፈልገውም።

ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው የአጸፋ ጥያቄ ነው። «የት ተማርሽ?» አልኳት፣ መለሰችና «አንተስ የት ተማርክ?» አለች። ይህ ይቆጠራል፣ ግን ግማሽ ነው። ጨዋ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። ይሉኝታም ያስደርገዋል።

ሙሉ የሚቆጠረው ተከታይ ጥያቄ ነው። ከተናገራችሁት ውስጥ አንድ ነገር ይዞ የሚገባ ጥያቄ ማለቴ ነው። «ዛሬ ደክሞኛል፣ መሣሪያው እንፍራንዝ ላይ ተበላሽቶብን ውለናል» አልክ እንበል። «አይዞህ» ካለች ጥሩ ልጅ ናት። «እንዴ፣ ታዲያ በምን ተመለሳችሁ?» ካለች ግን ሰምታሃለች። አብራህ እንፍራንዝ ቆማለች።

ሃርቫርድ ላይ ካረን ሁዋንግ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጥናት አለ። የማይተዋወቁ ሰዎችን አጣምረው 15 ደቂቃ አጻጻፏቸው። አንዳንዱን ቢያንስ ዘጠኝ ጥያቄ ጠይቅ አሉት፣ ሌላውን ከአራት እንዳትበልጥ አሉት። ብዙ የጠየቀው ሰው በሌላኛው ወገን ይበልጥ ተወደደ። በተለይ ተከታይ ጥያቄ የጠየቀ። ፈጣን የመተዋወቂያ ዝግጅት ላይም ተከታይ ጥያቄ የሚያበዙት «ደግመን እንገናኝ» የሚል መልስ በብዛት አገኙ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጥናቱ ያሳየው ጠያቂው እንደሚወደድ ነው። ጠያቂው እንደሚወድ አይደለም። ጥያቄን የፍላጎት ምልክት አድርጌ የማነበው እኔ ነኝ፣ ከስልክ ብዛት ካየሁት ተነስቼ። ተከታይ ጥያቄ ለመጠየቅ የቀደመውን ማንበብ፣ ማስታወስና መልሱን ለመስማት መፈለግ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ጨዋታው ላልጣመው ሰው የሚያደርግ ጥቂት ነው።

ከተከታይ ጥያቄም የሚበልጥ አለ። ቀን ካለፈ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ። ወደ ቀያሻችን እንመለስ። በዘጠኙ ተራዋ ውስጥ ሰባት ጥያቄ አገኘንላት። ሦስቱ «አንተስ?» ናቸው፣ ጣልናቸው። ሁለቱ የአጸፋ። ሁለቱ ተከታይ። ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ የት እንደነበር ታውቃላችሁ? ያ ቀዝቅዛለች ባለበት፣ ከ14 ሰዓት በኋላ በመጣው መልእክት ውስጥ! እንዲህ ይላል፦ «ይቅርታ ተረኛ ነበርኩ፣ ገና አሁን መውጣቴ ነው። የእናትህ ጥርስ እንዴት ሆነ?» የእናቱን ጥርስ የነገራት ከሦስት ቀን በፊት ነው። ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አድራ፣ ዐይኗ እየተከደነ፣ የሰው እናት ጥርስ ትጠይቃለች። እሱ ያየው 14 ሰዓቱን ነው።

እዚህ ላይ ጥሩ ዜና ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ልጁ ግን ወደኔ የመጣው ካበላሸው በኋላ ነበር። ያን መልእክት ያገኘ ዕለት ማታ ስለ ጥርሱ ሳይመልስ፣ 58 ቃል ጽፎ ላከ። «ማሬ» ብሎ ይጀምራል። እንቅልፍ አልወሰደኝም አለ። ምን አጠፋሁ አለ። ያለ አንቺ ከተማው ጨልሞብኛል አለ። መብራት ጠፍቶ እንደሁ አላውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ መልስ መጣ። «ሃሃ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።» ስድስት ቃል። ጥያቄ የለም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ቀናት አራት ጊዜ መለሰችለት። ሁሉም ከሦስት እስከ አምስት ቃል። ጥያቄ የለም። ልብ በሉ፣ ፍጥነቷ ያው ነበር፣ እንዲያውም ሁለቱን በአምስት ደቂቃ ነው የመለሰችው። ፍጥነት ብቻ ቢያይ «ሠርቷል» ይል ነበር።

ከፍ ብሎ የነበረው ርዝመት ሲወርድና ጥያቄው ሲጠፋ፣ ያሞቃችሁት ከልኩ አልፏል ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ እሳቱን ይጨምራል። «ለምን ቀዘቀዝሽ?» ይላል። ያኔ ልጅቷ ሁለት ሥራ ይኖርባታል፣ የሆስፒታሉ ሥራና እሱን ማባበል። ማባበሉ ሲሰለቻት ትተወዋለች።

ወደኋላ ተመለስ አልኩት። በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እንዲህ ጻፈ፦ «የዚያን ዕለት አበዛሁት፣ ተረኛ መሆንሽን አላሰብኩም። በይ ዕረፊ።» መጨረሻው ላይ ጥያቄ የለውም። ሆን ብለን ነው። ጥያቄ ካለበት የግድ ልትመልስ ነው፣ እኛ ደግሞ የግድ መልስ አንፈልግም። በማግስቱ ምንም አልላከም። ያን ቀን ቢሮዬ ሦስት ጊዜ ነው የመጣው። በሦስተኛው ቡና ጋበዝኩትና ስልኩን ተቀበልኩት።

በሦስተኛው ቀን ራሷ ጀመረች። «ሰላም ነው? እናትህ ጥርሷን ተነቀለች ወይስ በመድኃኒት አለፈ?» እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ቀድማ ጽፋ አታውቅም። ማን ይጀምራል የሚለውን እንደ አራተኛ ምልክት አልቆጥረውም፣ ብዙ ልጆች በአስተዳደጋቸው መጀመር ይከብዳቸዋል። ሲመጣ ግን ከተከታይ ጥያቄ ጋር ከሆነ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ማሞቅ ይቻላል። በስንት ደረጃ? በአንድ። «ማሬ» አንድ ደረጃ አይደለም፣ ከምድር ቤት አራተኛ ፎቅ መዝለል ነው። ደግሞስ ቃሉ ምን ያህል ያሞቃል? ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴትዮ «የኔ ማር» ነው የምትለኝ። ኪሎው ላይ ግን አትቀንስልኝም። ከቁልምጫ ይልቅ መጀመሪያ የሚያሞቀው ማስታወስ ነው። እሱም ስለ እናቱ ከመለሰላት በኋላ እንዲህ አለ፦ «ዛሬ ሜዳ ላይ ሠርግ ቤት ስለ ሚዜው ያልሽው ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ሠራተኞቹ አበደ አሉ።» ይህ «ሳትኖሪም አስብሻለሁ» ማለት ነው፤ ግን አልተባለም። እሷ ካልፈለገች ዝም ብላ የሳቅ ወሬ አድርጋ ልታልፈው ትችላለች። የምትወጣበት በር አላት።

ከዚያ ሦስት ተራ እንጠብቅ አልኩት። ሦስት መልስ ማለት ነው። ርዝመቱ ካልወረደ፣ ቢያንስ አንድ ተከታይ ጥያቄ ከመጣ፣ ደረጃው ይዟል። የመጀመሪያው መልስ በስድስት ደቂቃ መጣ፣ ከሱ ይረዝማል፣ የሚዜውን ወሬ ቀጠለችበት። ሁለተኛው አጭር ነበር። ልጁ ወዲያው ደወለልኝ። «ሦስት ነው ያልኩህ» ብዬ ዘጋሁበት። ሦስተኛው ላይ «ቆይ ግን ሜዳ ላይ ምሳ ምን ትበላላችሁ?» አለች። ይዟል።

ቀጣዩ ደረጃ ስሟ ላይ «ዬ» ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ የሱም ስም ላይ «ዬ» ተጨመረ። የሰጣችሁት ሲመለስላችሁ ነው ወደ ቀጣዩ የሚኬደው። ካልተመለሰ ግን ችግር የለም፣ እዚያው ቁሙ። «እህቴ» ወይም «ወንድሜ» ሆኖ ከተመለሰ ግን አጥር ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉንም «ወንድሜ» የምትል ከሆነች ልማዷ ነው። ካሞቃችሁ በኋላ ድንገት የመጣ «ወንድሜ» ግን ለኔ እንደመጣው ነው። አመስግናችሁ ተቀመጡ።

ከመጠራራት በኋላ ሌላ የቃል ደረጃ አልጨመርንም። ግብዣ ነው ያስከተልነው። በቃል ብዛት ከሚመጣው ይልቅ ከግብዣ ብዙ ይታወቃል። ግብዣው ቀንና ሰዓት ይኑረው። «አንድ ቀን እንገናኝ» ከተባለ «እሺ፣ እግዚአብሔር ሲል» ይባላል፣ ያ ምንም አይነግራችሁም። እሱ «እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ዓሣ እንብላ?» አለ። «እሑድ ገቢ ነኝ» አለች። እዚህ ላይ ብትቆም «አልችልም» ብቻ ነበር። ግን ቀጠለች። «ሰኞ ይሆንልሃል?» ሌላ ቀን ራሷ አቀረበች። ከተጻጻፉት ሁሉ ይህ ነው ትልቁ የመልስ ጥያቄ።

ሌላኛዋን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ተቃራኒዋን። ፖሊ አካባቢ የምትኖር ልጅ ናት። የምትወደው ልጅ በግማሽ ደቂቃ ነው የሚመልስላት። ሁልጊዜ። «ቲቸር፣ ስልኩን ለኔ ብሎ ነው የሚይዘው» አለችኝ። ሥራው ምንድን ነው ስላት የስልክ መለዋወጫ ቤት ውስጥ ነው አለች። ስልክ ቀኑን ሙሉ እጁ ላይ ነው፣ የራሱም የሰውም። አሥራ አራት ተራ አየን። «እሺ»፣ «ሃሃሃ»፣ «ኧረ ባክሽ»፣ ስቲከር። ከሰላምታ ውጪ ጥያቄ፣ ዜሮ። ሁሉንም የጀመረችው እሷ። ደብዳቤ የሚያህል መልእክት አዘጋጅታ ነበር፣ ረቂቁን አሳየችኝ። ቆንጆ ነበር። እስኪ ሦስት ቀን አትጀምሪ አልኳት። ለመቅጣት አይደለም፣ ወሬውን ማን እንደተሸከመው ለማየት ነው። ሦስት ቀን አለፈ፣ አምስትም አለፈ። ደብዳቤው ረቂቅ ላይ ቀረ። አልቅሳለች፣ አልዋሻችሁም። ግን «ወንድሜ» ሳትባል ነው ያለቀሰችው። «እህቴ» ማለቴ ነው።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቦታ አለ። መልስ ግዴታ የሆነበት ቦታ። አለቃ ከሆንክ ሠራተኛህ ቶሎ ትመልሳለች፣ ረጅም ትጽፋለች፣ ትጠይቅሃለች። ስለ ሥራዋ ነው። መምህር ከሆንክ ተማሪህ እንደዚያው። ቴሌግራም ላይ ጫማ የምትሸጥልህ ልጅም «ቁጥርህ ስንት ነው? ለማታ ነው ለቀን?» ትልሃለች፣ ተከታይ ጥያቄ ነው፣ ግን ጫማ እየሸጠች ነው። እዚህ ላይ ማሞቅ ሳይሆን ማስቸገር ይሆናል። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ጥያቄ ምልክት ሆኖ አይቆጠርም።

ጥያቄ ካለ ልቀበል። ሁለት ሦስት።

እዚያ ያለሽው፣ ነጭ ነጠላ። እሺ። ጥያቄዋ እንዲህ ነው፦ «እኔ ብፈልገውም ሆን ብዬ ነው ዘግይቼ የምመልሰው፣ የጓጓሁ እንዳልመስል። ታዲያ በምን ያውቀኛል?» ሳቃችሁ። ብዙዎቻችሁ ታደርጉታላችሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው ፍጥነትን በክብደት መጨረሻ ላይ ያደረግኩት። ሰዓት መያዝ ቀላል ነው። ጥያቄን መያዝ ግን ይከብዳል። ሁለት ሰዓት ጠብቀሽ ትመልሺና መጨረሻው ላይ «ያ ነገርስ እንዴት ሆነ?» የሚል ጥያቄ ያመልጥሻል። የሚያነብሽ ሰው ከሆነ ያቺን ጥያቄ ያያታል። ማታለሉ ከሰዓቱ አያልፍም።

ቀጥሎ ወንድሜ። «ብዙ ትጠይቀኛለች፣ ረጅም ትጽፋለች፣ ግን ሁለት ጊዜ ቀን ጠርቼ ጋበዝኳት፣ ሁለቴም አልተመቸኝም አለች። ሌላ ቀንም አላቀረበችም።» ይህ ያጋጥማል። ወሬህን ትወደዋለች፣ ከዚያ በላይ ግን አልፈለገችም፣ ወይም አልቻለችም። የትኛው እንደሆነ ከስልክ አይታወቅም። ሦስተኛ ግብዣ አታቅርብ። «ስትፈልጊ ቀኑን አንቺ ንገሪኝ» በልና ወሬውን ቀጥል ወይም ተው። ያም ያም ያንተ ነው።

እናቴ፣ እርስዎ ደግሞ? ይቀጥሉ። «ነርሷና ልጁ ሰኞ ተገናኙ ወይ?» አሉ። ተገናኙ፣ እናቴ። ከዚሁ ራቅ ሳይል ነው ዓሣ የበሉት። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላውቅም። ባለፈው ጊዮርጊስ በር ላይ አግኝቼው እጄን ዘረጋሁ፣ ስልኩን የሚሰጠኝ መስሎኝ። ሰላም አለኝና አለፈ።